ሶፍትዌሩ በምን ተቆጥሮ ይከፈል?

ሁለት ወጣቶች ለሱቆች የዕቃና የሽያጭ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ሠሩ እንበል። ሥራው አልቆ የቀራቸው ዋጋ ማውጣት ነው። እዚህ የደረሰ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው «በወር ስንት ብር እናድርገው?» ብሎ ነው። ከብሩ በፊት ግን ክፍያው በምን እንደሚቆጠር መወሰን አለበት፤ በተጠቃሚ ብዛት፣ በዕቃ ዓይነት ወይስ በቅርንጫፍ?

በውጭ አገር የተለመደው በሰው ቁጥር ማስከፈል ነው። የመሥሪያ ቤት መልእክት መለዋወጫው ስላክ እንዲህ ያደርጋል፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ አካውንት ካልኖረው መጻጻፉ ትርጉም ስለሌለው ያስኬዳል። ሱቅ ውስጥ ግን ነገሩ ይበላሻል። ባለሱቁ ለአንድ ሰው ይከፍልና የይለፍ ቃሉን ለሦስቱም ሻጮች ያድላል። ሽያጩ ሁሉ በአንድ ስም ይመዘገባል፤ ማታ ሒሳብ ሲጎድል ከማን እጅ እንደጎደለ አይለይም። ሶፍትዌሩን የፈለገው ደግሞ ይህንኑ ለማወቅ ነበር። ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ የዕቃውን ጥቅም ራሱ ገደለው ማለት ነው፤ ጥፋቱ ግን የእሱ አይመስለኝም፣ ዋጋውን ያወጣው ሰው ነው የገፋው። ይህ እየሆነ መሆኑን ማወቅ አይከብድም፤ በአንድ አካውንት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከሁለት የተለያዩ ስልኮች ሽያጭ ሲገባ ይታያል።

በዕቃ ዓይነት ብዛት ማስከፈልም አያዋጣም። የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው ብሎንና ጎሚኒውን ሁሉ ሲመዘግብ ሺዎች ይደርሳል፤ ገቢው ግን መቶ ዓይነት ጫማ ብቻ ከሚሸጠው ሊያንስ ይችላል። ቅርንጫፍ ይሻላል። ሁለተኛ ሱቅ የከፈተ ሰው አቅሙ አድጓል፤ ደግሞም ያኔ ነው ዕቃ ከሱቅ ወደ ሱቅ ሲተላለፍ የመቆጣጠር ችግር የሚመጣበት።

ስለዚህ ፓኬጆቹ ሦስት ይሁኑ። የመጀመሪያው ለአንድ ሱቅ፣ የፈለገውን ያህል ሻጭ ይዞ፣ በወር 500 ብር። ሁለተኛው እስከ ሦስት ቅርንጫፍ፣ የዕቃ ዝውውርን ጨምሮ፣ 1,200 ብር። ሦስተኛው ከዚያ በላይ ላላቸው፣ ለሒሳብ ሠራተኛቸው የሚሆን ሪፖርት ታክሎበት፣ 3,000 ብር። መቶ ደንበኛ ቢገኝና 70ው በመጀመሪያው፣ 25ቱ በሁለተኛው፣ 5ቱ በሦስተኛው ቢገቡ የወሩ ገቢ 80,000 ብር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 45,000ው የሚመጣው ከሠላሳዎቹ ነው። ለሁሉም አንድ ዋጋ፣ 700 ብር፣ ቢደረግ መቶውም ቢቆዩ እንኳ 70,000 ብር ነው፤ ትንንሾቹ ደግሞ ሁሉም አይቆዩም።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና አለ፤ የመረጃ መጠባበቂያን ወይም የራስን መረጃ አውጥቶ መውሰድን ውድ ፓኬጅ ውስጥ መደበቅ። ስልኩ የጠፋበት ባለሱቅ የአንድ ዓመት ዱቤ መዝገብ አብሮ ቢጠፋበት፣ ርካሹን ስለመረጠ ነው ብሎ ዝም አይልም፤ ለጎረቤቶቹ ሁሉ ይናገራል።

የነጻ ሙከራው ርዝመት ላይ ብዙዎች 14 ቀን ይላሉ። ለዚህ ሶፍትዌር አይበቃም። ባለሱቁ ገበያ ሲቀዘቅዝ ብቻ እየተቀመጠ ዕቃውን ሲያስገባ ሳምንቱ ያልፋል፤ ጥቅሙን የሚያየው ደግሞ መደርደሪያው ላይ ያለውን ቆጥሮ ስክሪኑ ላይ ካለው ጋር ሲያስተያይ ነው። ሰዓቱ ከምዝገባው ቀን ሳይሆን ከመጀመሪያው ሽያጭ ይጀምር፤ ከዚያ 30 ቀን ይሰጠው፤ በሃያኛው ቀን አካባቢ ደግሞ ተደውሎለት አብሮ ቆጠራ ይደረግ። መቼም ዕቃውን ሳያስገባ የሚቀር ይኖራልና ከተመዘገበ በሁለት ወር ውስጥ ያልጀመረው አካውንት ይዘጋ። ለሚሞክረው የሚከፈትለትም በቅርንጫፉ ብዛት ልክ ያለው ፓኬጅ ይሁን፤ አንድ ሱቅ ላለው ሰው የዝውውር ገጽ ማሳየት ማደናገር ነው።

ጊዜው ሲያበቃ አዲስ ሽያጭ ማስገባት ይቆማል፤ የቀድሞውን ማየት ግን አይከለከልም። ይህም ገበያ በሚደራበት ቀን አይደረግ፤ ሰውየው ወደ ደብተሩ ይመለስና እዚያው ይቀራል።

በሌላው ዓለም ሙከራው ሲያልቅ ክፍያው ከካርድ በራሱ ይቆረጣል። እኛ ዘንድ ግን በቴሌብር ወይም በባንክ የሚከፍለው ባለሱቅ አብዛኛውን ጊዜ በየወሩ ራሱ አስታውሶ ነው የሚልከው፤ በየወሩ አዲስ ውሳኔ ማለት ነው። የአሥር ወር ሒሳብ፣ ማለትም 5,000 ብር፣ ከፍሎ ዓመቱን መጠቀም ይህን ያቀልለታል፤ ቆጠራ ላላደረገ ሰው ግን ባይቀርብ ይመረጣል፤ በሦስተኛው ወር ገንዘቤን መልሱ ይላል። ወርሃዊ ክፍያው ከዘገየ ደግሞ ከመደወሉ በፊት የመጨረሻው ሽያጭ መቼ እንደገባ ይታይ። ክፍያው እስኪቋረጥበት ቀን ድረስ ሲሸጥ ከነበረ ረስቷል፤ አጭር መልእክት ይበቃዋል። ከዚያ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ሽያጭ ማስገባት ካቆመ ግን ዋጋ መቀነስ አይመልሰውም፤ ሱቁ ድረስ ሄዶ ለምን እንደተወው መጠየቅ ነው።