ከኦቨን የወጣ ሥጋ ለምን ይቆያል?

ሁለት ኪሎ የሚመዝን የበግ ታፋ ከኦቨን እንደወጣ ወዲያው ቢቆረጥ ሳህኑ በቀይ ፈሳሽ ይጥለቀለቃል። ብዙ ሰው ደም ይመስለዋል። ደም ግን አይደለም፤ ማዮግሎቢን የተባለ ፕሮቲን ያቀላው የሥጋው ውሃ ነው።

ሥጋ ሲሞቅ ክሮቹ ይኮማተሩና በውስጣቸው ያለውን ውሃ እንደተጨመቀ ጨርቅ ያወጡታል። ትኩስ ሳለ ይህ ውሃ ቀጭን ስለሆነ ቢላዋ በነካው ቦታ ሁሉ ይፈስሳል። ጥቂት ሲበርድ ግን የሟሙት ፕሮቲኖችና ጄላቲን ያወፍሩታል፤ ስለዚህ ሲቆረጥ አብዛኛው ከሥጋው ጋር ይቀራል። የወጣው ውሃ ሁሉ ተመልሶ ይገባል የሚሉ አሉ፤ ይህ የተጋነነ ነው።

የውጪው ሙቀት ወደ መሃል መጓዙንም አያቆምም። ታፋው መሃሉ 57 ዲግሪ ሲደርስ ቢወጣ፣ በሚቆይበት ጊዜ ወደ 62 ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ የሚፈለገው ሙቀት እስኪሞላ ኦቨን ውስጥ የጠበቀ ሰው ከፈለገው በላይ የበሰለ ሥጋ ያገኛል።

ለታፋው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል። ሙሉ ዶሮ 15 ደቂቃ ያህል፣ ሦስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስቴክ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይፈልጋል። ፎይል ላላ አድርጎ ጣል ማድረግ ነው፤ ከጠበቀ እንፋሎቱ የተጠበሰውን ቆዳ ያርሰዋል።

ተከትፎ የሚጠበሰው ጥብሳችን ግን ይህን ሁሉ አይፈልግም፤ እንደወጣ ይበላ።