ብያኔ፣ ምሳሌና ሙግት በአጭር የጽሑፍ መልስ

በዚህ ጽሑፍ የምመለከተው በሰሜን ሸዋ፣ ራቤል፣ ለማጠናከሪያ ትምህርት ተማሪዎች የሰጠሁትን አንድ የፈተና ጥያቄ ነው። ጥያቄው «ኅብረ ቃልን በይኑ፤ በምሳሌ አሳዩ፤ የግጥም ጌጥ ብቻ ነው ወይስ የትርጉም መሠረት? ተሟገቱ» ይላል። ለብያኔው 3፣ ለምሳሌው 3፣ ለሙግቱ 4፣ በድምሩ 10 ነጥብ ይዟል። ደብርና ደጅ ጥናት ለአካባቢው ተማሪ እንግዳ ስላልሆኑ ለምሳሌነት ተከታዩን ስንኝ ራሴ አዘጋጅቼ ሰጠሁ፤

ስንት ዓመት ደጅ ጠንቶ ከዚያ ከደብሩ፣
ሳይማር ተመለሰ ልጁ ወዳገሩ።

የብዙዎቹ መልስ «ኅብረ ቃል ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ነው» ብሎ ይጀምራል። ይህ ብያኔ ወገኑን ይነግረናል እንጂ መለያውን አይነግረንም። በመዝገበ ቃላት ሁለት ፍቺ የተሰጠው ቃል ሁሉ ኅብር ሊሆን ነውና ከ3ቱ 1 ብቻ ያገኛል። «በአንድ ዐውድ ውስጥ ሁለቱንም ትርጉሞች በአንድ ጊዜ የሚሸከም ቃል ወይም ሐረግ» ሲባል ግን መለያው ዐውዱ መሆኑ ይታወቃል።

ምሳሌውም የሚመዘነው በዚህ መለያ ነው። ስንኙን ጠቅሶ «ኅብሩ ሳይማር ነው» ማለት አይበቃም። ሰሙ «ትምህርት ሳያገኝ»፣ ወርቁ «ምሕረት ሳያገኝ» ነው፤ የሁለቱ አነባበብ በጥብቀት እንኳ አይለያይም። «ደጅ ጠንቶ» እና «ደብሩ» ለሁለቱም ፍቺ ይስማማሉ፤ ትምህርትም ምሕረትም በደብር ደጅ ይጠናልና። «ልጁ ፊደል ሳይማር አደገ» ብንል ግን ቃሉ ያው ሆኖ ሳለ ወርቁ የለም፤ «ፊደል» ዘግቶበታል። ይህን ንጽጽር ያስገባ ተማሪ የምሳሌውን 3 ነጥብ ከማግኘቱም በላይ ሙግቱን ጀምሯል ማለት ይቻላል።

ነጥብ በብዛት የሚባክነው በሙግቱ ላይ ነው። «ኅብር ግጥምን ያሳምራል፤ አባቶቻችንም ይጠቀሙበት ነበር» የሚል መልስ ውዳሴ እንጂ ሙግት አይደለም። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ምሳሌውን ከመልሱ አውጥተን ሙግቱን ብቻውን እናንብብ። ምንም ካልጎደለበት ከምሳሌው ጋር አልተያያዘም ማለት ነው። በተያያዘው መልስ ግን ተማሪው ቃሉን ይተካል። በ«ሳይማር» ፈንታ «ሳያጠና» ቢገባ ቤት መምቻው አይነካም፤ የጠፋው የምሕረቱ ፍቺ ነው። ጌጥ ቢሆን ኖሮ ሲነሣ የሚቀንሰው ውበት ብቻ በሆነ ነበር። እዚህ ግን ልጁ ይቅርታ ተነፍጎ መመለሱ ራሱ ከግጥሙ ወጥቷል።

«ጌጥ ነው» ብሎ የሚሟገትም ሙሉ 4 ነጥብ ሊያገኝ ይችላል፤ ለምሳሌ ሰሙ ብቻውን የተሟላ ሐሳብ እንደሚሰጥ ከዚሁ ስንኝ ካሳየ። የማርመው የቆመበትን ወገን ሳይሆን ከብያኔው ተነሥቶ በምሳሌው በኩል መድረሱን ነው።