በማሞግራም ሪፖርት ላይ «4» ማለት ምን ማለት ነው?

በማሞግራም ሪፖርት መጨረሻ ላይ ከ0 እስከ 6 ያለ አንድ ቁጥር ይጻፋል። ከፊቱ BI-RADS የሚል ስም አለ፤ ሲነበብ «ባይራድስ» ነው። ብዙ ሰው ሪፖርቱ እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ይህን ቁጥር ነው። «4» የሚል ሲያገኝ ደግሞ «አራተኛ ደረጃ ካንሰር» ብሎ ይደነግጣል። ሁለቱ ግን አይገናኙም። የካንሰር ደረጃ የሚሰጠው ካንሰር መኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ነው፤ የሚናገረውም የት ድረስ እንደተስፋፋ ነው። የባይራድስ ቁጥር የሚናገረው ምስሉ ምን ያህል እንደሚያጠራጥርና ቀጥሎ ምን መደረግ እንዳለበት ነው።

አክስቴ እዚህ ጆሃንስበርግ ጄፒ ጎዳና ላይ ሱቅ አላት። ዕድሜዋ 52 ነው። ማሞግራም ተነስታ የመጣላት ሪፖርት «4B» ይላል። ልጇ ሪፖርቱን አንብቦ ደወለልኝና «ማሚ አራተኛ ደረጃ ላይ ናት እንዴ?» አለኝ። እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ ሦስታችን ቁጭ ብለን ሪፖርቱን ከላይ ጀምረን አነበብን፤ ያልገባንን ደግሞ ራዲዮሎጂስቷን ጠየቅን። እናንተም አንድ ቀን ለእናታችሁ ወይም ለአክስታችሁ ታነቡ ይሆናልና ያነበብነውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው መስመር ስለ ጡት ጥግግት ነበር። ጡት ውስጥ ስብ አለ፤ ወተት የሚያመነጨው ክፍልና ሁሉንም አያይዞ የሚይዘው ሥጋም አለ። በማሞግራም ላይ ስብ ጠቆር ብሎ ሲታይ ሌላው ነጭ ሆኖ ይታያል። ነጩ ሲበዛ «ጥግግቱ ከፍተኛ ነው» ይባላል። መለኪያው አራት ፊደል ነው፦ A ማለት ከሞላ ጎደል ሁሉም ስብ ነው፤ D ማለት እጅግ ጥቅጥቅ ያለ ነው። የአክስቴ C ነበር። ይህ በሽታ አይደለም፤ በጣም ብዙ ሴቶች C ናቸው። ችግሩ ዕጢም በምስሉ ላይ ነጭ መሆኑ ነው። ነጭ ነገር በነጭ ነገር ውስጥ በቀላሉ ይደበቃል። ጥግግቱ ከፍ ሲል ብዙ ጊዜ አልትራሳውንድ የሚጨመረው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ለሚተረጉም ሰው አንድ ወጥመድ አለ። በአማርኛ «ዕጢ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይገልጻል፤ በሰውነታችን ውስጥ ፈሳሽ የሚያመነጨውን ጤነኛ ክፍልም፣ ያልተፈለገውን እብጠትም። ስለዚህ «ጡትሽ ውስጥ ዕጢ በዝቷል» ብላችሁ ከተረጎማችሁ እናታችሁ የምትሰማው ሌላ ነገር ነው። «ወተት የሚያመነጨው ክፍል» ማለት ይሻላል።

ሁለተኛው መስመር ስለ ካልሲየም ነጠብጣቦች ነበር፤ ሐኪሞቹ ካልሲፊኬሽን ይሏቸዋል። በምስሉ ላይ የጨው ቅንጣት የመሰሉ ነጫጭ ነጥቦች ናቸው። አክስቴ ይህን ስትሰማ «ወተት ስላበዛሁ ነው?» አለች። አይደለም። ከምንበላውና ከምንጠጣው ካልሲየም ጋር ግንኙነት የለውም።

አብዛኞቹ ነጠብጣቦች ጉዳት የሌላቸው ናቸው። ራዲዮሎጂስቷ የምታየው ሁለት ነገር ነው፤ ቅርጻቸውንና አሰፋፈራቸውን። ትልልቅና ክብ ከሆኑ፣ ወይም የደም ሥርን ተከትለው ከተደረደሩ አያሳስቡም። ጥቃቅን ሆነው ቅርጻቸው የተለያየ ከሆነ ያጠራጥራሉ። በጣም የሚያሳስቡት እንደ ቀጭን ክር ሆነው ቅርንጫፍ የሚያወጡት ናቸው፤ ምክንያቱም በወተት መተላለፊያ ቱቦ ውስጥ የሚያድግ ነገር የቱቦውን ቅርጽ ይይዛል። በመላው ጡት የተበተኑ ነጠብጣቦችም በአንድ ቦታ ከተሰበሰቡት ያነሰ ያሳስባሉ። የአክስቴ ሪፖርት የሚለው «በግራ ጡት፣ በ2 ሰዓት አቅጣጫ፣ ጥቃቅንና ቅርጻቸው የተለያየ የተሰበሰቡ ነጠብጣቦች» ነበር።

«2 ሰዓት» የሚለው ሌላው ወጥመድ ነው። ሐኪሞች ጡትን ከፊት ለፊት እንደሚታይ የግድግዳ ሰዓት ይቆጥሩታል። በግራ ጡት ላይ 2 ማለት ከላይ በብብት በኩል ነው። አክስቴ ግን «ሁለት ሰዓት» ስትባል እጇ የሄደው ወደ ታች፣ ወደ ደረቷ መሃል ነው። በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት ሲሆን አጭሩ የሰዓት እጅ ያለው 8 ቁጥር ላይ ነዋ! ስለዚህ ሰዓቱን አትተርጉሙ፤ «ከላይ፣ በብብት በኩል» በሉ።

ከዚያ ወደ ቁጥሩ ደረስን። ባይራድስን የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ በ1993 ያወጣው ሁሉም ሐኪም በአንድ ቋንቋ እንዲጽፍ ነው። 0 ማለት «ምንም የለም» ማለት አይደለም፤ «ምስሉ አልበቃኝም፣ ተጨማሪ አምጡ» ማለት ነው። 1 እና 2 የሚያሳስብ ነገር አልታየም ማለት ነው። 3 ማለት ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከ100 ሁለት ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ6 ወር በኋላ እንደገና ይታያል። 5 ማለት ዕድሉ 95 ከመቶና ከዚያ በላይ ነው። 6 ካንሰር መሆኑ አስቀድሞ በናሙና ለታወቀ ሰው የሚሰጥ ነው።

4 በጣም ሰፊ ስለሆነ በሦስት ይከፈላል። 4A ከ2 እስከ 10 ከመቶ፣ 4B ከ10 እስከ 50 ከመቶ፣ 4C ከ50 እስከ 95 ከመቶ ነው። እንግዲህ 4B ሪፖርት የደረሳቸው 100 ሴቶች ቢሰበሰቡ ቢያንስ ግማሾቹ ካንሰር የለባቸውም። ግን ከአሥር በላይ የሚሆኑት ሊኖርባቸው ይችላል፤ ስለዚህ «እንጠብቅ» አይባልም፤ ናሙና ይወሰዳል።

አክስቴ «መጀመሪያ አልትራሳውንድ ብነሳስ?» ብላ ጠይቃ ነበር። የራዲዮሎጂስቷ መልስ ግልጽ ነበር፦ እነዚህ ጥቃቅን ነጠብጣቦች በአልትራሳውንድ ብዙ ጊዜ አይታዩም፤ ስለዚህ አልትራሳውንዱ ምንም አላሳየም ማለት የሉም ማለት አይደለም። መርፌው ትክክለኛው ቦታ እንዲደርስ የሚመራው በማሞግራሙ ነው። ቦታው ይደነዝዛል፣ ቀጫጭን የሥጋ ናሙናዎች ይወጣሉ፤ ከዚያ ናሙናዎቹ ራሳቸው ራጅ ይነሳሉ። ነጠብጣቦቹ በናሙናው ውስጥ ካልታዩ መርፌው ስቷል ማለት ነው።

ውጤቱ ሲመጣ ካንሰር አልተገኘም። ቢሆንም እዚያ ላይ አላቆምንም፤ አንድ ጥያቄ ቀርቶን ነበር፦ «የናሙናው ውጤት ከምስሉ ጋር ይስማማል ወይ?» ምስሉ በጣም አጠራጣሪ ሆኖ ናሙናው «ደህና ነው» ካለ፣ መርፌው ዋናውን ቦታ ስቶ ሊሆን ስለሚችል ናሙናው ይደገማል። የአክስቴ ይስማማል፤ ነጠብጣቦቹም በናሙናው ውስጥ ታይተዋል። ከ6 ወር በኋላ እንደገና ትነሳለች።

የማሞግራም ሪፖርት የማይሽረው አንድ ነገር አለ። ሪፖርቱ 1 ወይም 2 ቢልም፣ በእጅ የሚዳሰስ አዲስ እብጠት ካለ፣ ወይም ከጡት ጫፍ ደም ከወጣ፣ ሐኪም ማየት አለበት፤ በተለይ ጥግግቱ C ወይም D ከሆነ። እናታችሁ ቀደም ሲል አዲስ አበባ ወይም ሌላ ቦታ የተነሳችው ማሞግራም ካለም ይዛ ትሂድ። ለዓመታት ሳይለወጥ የቆየ ነጠብጣብና ዘንድሮ የታየ አዲስ ነጠብጣብ አንድ ዓይነት ቁጥር ላይሰጣቸው ይችላል። ልዩነቱ የሚታወቀው ሁለቱ ምስሎች ጎን ለጎን ሲታዩ ነው።