ከሎግ ፍሬም ወደ ለጋሹ ቅጽ፦ አንድን ዓረፍተ ነገር ወደ ዓላማ፣ አመልካችና ዒላማ መለየት

የፕሮጀክቱ ውል ተፈርሞ ሥራው ሊጀመር ሲል ከለጋሹ ድርጅት አንድ የኤክሴል ቅጽ ይላካል። ዓምዶቹ ጥቂት ናቸው፦ ዓላማ፣ አመልካች፣ መነሻ፣ የየዓመቱ ዒላማ፣ የመጨረሻው ዒላማ፣ የተገኘው ውጤት፣ የማረጋገጫ ምንጭ፣ ማስታወሻ። ቅጹን የሚሞላው ባለሙያ በእጁ የያዘው ደግሞ ከፕሮፖዛሉ ጋር የተያያዘውን ሎግ ፍሬም ነው። ሁለቱ ሲታዩ በጣም ስለሚቀራረቡ ብዙ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ገልብጦ ይጨርሰዋል። ከዓመት በኋላ ሪፖርት ሲጻፍ ቁጥሮቹ አልታረቅ የሚሉት ብዙውን ጊዜ ከዚያች ዕለት ጀምሮ ነው።

ሎግ ፍሬም በ1969 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካው ዩኤስኤአይዲ የተዘጋጀ የዕቅድ ሰንጠረዥ ነው። በኋላ ጀርመኖችም የአውሮፓ ኮሚሽንም እያሻሻሉ ተጠቅመውበታል፤ ዛሬ በአገራችን የሚሠሩ አብዛኞቹ ድርጅቶች በአንዱ ወይም በሌላው መልኩ ያውቁታል። ከላይ ወደ ታች አራት ደረጃ አለው። ከላይ ፕሮጀክቱ ብቻውን የማያመጣው የረጅም ጊዜ ግብ ይቀመጣል፤ ከሥሩ ፕሮጀክቱ በሰዎች ኑሮ ላይ ሊያመጣው ቃል የገባው ለውጥ አለ፤ ቀጥሎ ፕሮጀክቱ ሠርቶ የሚያስረክበው ነገር፣ በመጨረሻም የየዕለቱ ተግባር። በየደረጃው ጎን አመልካቹ፣ ማረጋገጫው የሚገኝበት ምንጭና ታሳቢዎቹ ይጻፋሉ። የለጋሹ ቅጽ አብዛኛውን ጊዜ ተግባሮቹንና ታሳቢዎቹን ትቶ ቀሪውን ብቻ ይጠይቃል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ለዚህ ምዕራፍ ባዘጋጀሁት ምሳሌ ውስጥ በአንድ ደጋ ወረዳ በ8 ቀበሌዎች የሚሠራ የ3 ዓመት የመጠጥ ውሃ ፕሮጀክት አለ። የቀበሌዎቹ ነዋሪ 30,000 ሰው ነው። ፕሮጀክቱ 18 የእጅ ፓምፕ የተገጠመላቸው ጉድጓዶች ሊቆፍርና 6 ምንጮች ሊያጎለብት አቅዷል። በሎግ ፍሬሙ የለውጥ ደረጃ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «ንጹህ ውሃ የሚያገኘው ሕዝብ ከ31 በመቶ ወደ 60 በመቶ በማደጉ በውሃ ወለድ በሽታ የሚጠቁ ሕፃናት ቁጥር ይቀንሳል።»

ይህች ዓረፍተ ነገር ለፕሮፖዛል አንባቢ ጥሩ ናት፤ ለቅጽ ግን ሁለት ደረጃዎችን በአንድ ላይ ይዛለች። ውሃ ማግኘት ፕሮጀክቱ የሚጠየቅበት ለውጥ ነው። የሕፃናት በሽታ መቀነስ ግን ከውሃው ሌላ በመጸዳጃ ቤት፣ በእጅ መታጠብ፣ በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሥራ፣ በምግብም ጭምር ይወሰናል። ስለዚህ ቦታው ከላይ በግቡ ረድፍ ነው፤ መረጃውም ከጤና ጽሕፈት ቤት ወይም ከአገር አቀፍ የጤና ጥናት ይመጣል። ሁለቱን በአንድ ረድፍ የጻፈ ድርጅት ጉድጓዶቹን ሁሉ በጊዜው ጨርሶ እንኳ አንድ ዝናባማ ወቅት ተቅማጥ ስላበዛበት ብቻ «ዒላማውን አልመታም» ብሎ ሪፖርት ለማድረግ ይገደዳል።

በሽታው ወደ ላይኛው ረድፍ ከሄደ በኋላ የቀረው ሐሳብ በአራት ዓምዶች ይከፈላል። ዓላማው፦ «የ8ቱ ቀበሌዎች ነዋሪዎች መሠረታዊ የመጠጥ ውሃ አገልግሎት ያገኛሉ።» አመልካቹ፦ «መሠረታዊ የመጠጥ ውሃ አገልግሎት የሚያገኙ የ8ቱ ቀበሌዎች ነዋሪዎች፣ ከጠቅላላው ሕዝብ በመቶኛ።» መነሻው 31 በመቶ፣ ዒላማው 60 በመቶ። አመልካቹ ውስጥ «ያድጋል» ወይም «ይሻሻላል» የሚል ቃል እንደሌለ፣ ቁጥርም እንዳልገባ ልብ ይሏል። አመልካች የሚለካውን ነገር ብቻ ይናገራል፤ ወዴት እንደሚሄድና የት እንደሚደርስ የሚናገረው ዒላማው ነው። «60 በመቶ ሕዝብ ውሃ አገኘ» የሚል አመልካች ከተጻፈ 58 በመቶ ሲደረስ በውጤት ዓምዱ ውስጥ ምን እንደሚሞላ ግልጽ አይሆንም፤ አንዱ «የለም» ይላል፣ ሌላው 58 ይጽፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ሎግ ፍሬምን እንዲህ መለየት ከምንም በላይ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። መቶኛው የማን መቶኛ እንደሆነ ካወቅን የታችኛው ረድፍ የላይኛውን ይሸከመው እንደሆነ ማስላት እንችላለን። ከ30,000 ሰው 31 በመቶው 9,300 ነው። 60 በመቶ ማለት 18,000 ነው። ፕሮጀክቱ እንግዲህ ለ8,700 አዲስ ተጠቃሚዎች ቃል ገብቷል። በታችኛው ረድፍ ያለው 24 የውሃ ተቋም ነው። በንድፉ መሠረት አንድ የእጅ ፓምፕ ለ250 ሰው፣ አንድ ምንጭ ለ350 ሰው ታስቧል። 18 ፓምፕ 4,500 ሰው፣ 6 ምንጭ 2,100 ሰው፤ በድምሩ 6,600። ይህ ወደ 9,300 ሲደመር 15,900 ይሆናል፤ ከ30,000 ሰው 53 በመቶ ማለት ነው።

ሁሉም ጉድጓድ ውሃ ቢያወጣ፣ ሁሉም ምንጭ ቢጎለብት፣ አንድም ሳይበላሽ ሦስቱ ዓመታት ቢያልፉ ፕሮጀክቱ 53 በመቶ ላይ ይቆማል። 60 በመቶው በግንባታ ዕቅዱ ውስጥ መሠረት የለውም። ምናልባት ፕሮፖዛሉ ሲረቀቅ ተቋማቱ ከ24 ይበልጡ ነበር፤ በጀት ሲቀነስ የግንባታው ቁጥር ተቀንሶ መቶኛው ሳይነካ ቀርቶ ይሆናል። እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፣ ምክንያቱም በጀቱን የሚቀንሰው አንድ ሰው፣ ሰንጠረዡን የሚያርመው ሌላ ሰው ነው። ጉድለቱ የሚታየው ሁለቱን ረድፎች ጎን ለጎን አድርጎ ለሚያሰላ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የዓመታት ዒላማ ይመጣል። በመጀመሪያው ዓመት 6 ጉድጓድ፣ በሁለተኛው 8 ጉድጓድና 2 ምንጭ፣ በሦስተኛው 4 ጉድጓድና 4 ምንጭ ታቅዷል እንበል። የተቋማቱ ዒላማ 6፣ 10፣ 8 ነው፤ ተደምሮ 24 ይሆናል። መቶኛው ግን አይደመርም። አዲሶቹ ተጠቃሚዎች 1,500፣ ከዚያ 2,700፣ ከዚያ 2,400 ስለሆኑ አገልግሎት የሚያገኘው ሕዝብ በየዓመቱ መጨረሻ 36፣ 45 እና 53 በመቶ ይሆናል። እነዚህ በየዓመቱ መጨረሻ የተደረሰበትን የሚያሳዩ ቁጥሮች ናቸው። የለጋሹ ቅጽ ግን በመጨረሻው ዒላማ ዓምድ የየዓመቱን ዒላማ ራሱ እንዲደምር ተደርጎ የተሠራ ከሆነ 134 በመቶ ይጽፋል። ከመቶ የሚበልጥ ሽፋን ስለሌለ ይህን ስሕተት ማንም ያያል፤ መቶኛዎቹ ትንንሽ ሲሆኑ ግን፣ ለምሳሌ 8፣ 11 እና 14 ሲሆኑ፣ 33 የሚለው ድምር ማንንም ሳያስደነግጥ ሪፖርቱ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በየአመልካቹ አጠገብ «የሚደመር» ወይም «የመጨረሻው የሚወሰድ» ብሎ መጻፍ ይገባል፤ ቅጹ ቦታ ከሌለው በማስታወሻ ዓምዱ።

አመልካቹ ውስጥ «መሠረታዊ አገልግሎት» ያልነው ቃልም ትርጉሙ አብሮ መጻፍ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅትና የዩኒሴፍ የጋራ ክትትል ፕሮግራም መሠረታዊ የሚለው ውሃው ከተሻሻለ ምንጭ ተቀድቶ፣ ደርሶ መልሱ ወረፋውን ጨምሮ ከ30 ደቂቃ ሳይበልጥ ነው። በኢትዮጵያ ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የገጠር መለኪያው በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበር። ፓምፑ 600 ሜትር ላይ ሆኖ ወረፋው አንድ ሰዓት የሚፈጅባት እናት በርቀት ብቻ ስትለካ አገልግሎት ታገኛለች፤ በደቂቃ ስትለካ አታገኝም። መነሻው 31 በመቶ በወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት የርቀት መለኪያ ተወስዶ፣ የመጨረሻው ጥናት በደቂቃ ከተለካ ልዩነቱ የፕሮጀክቱን ሥራ አያሳይም። ወቅቱም እንዲሁ ነው። በክረምት ብዙ ቤተሰብ ከደጃፉ አጠገብ ከሚፈስ ወንዝ ይቀዳል፣ በበጋ ወደ ፓምፑ ይሰለፋል። መነሻው በመጋቢት ከተለካ መዝጊያውም በመጋቢት ይለካ፤ ይህንንም ቀን በማረጋገጫ ምንጩ አጠገብ መጻፍ ነው።

በታችኛው ረድፍ ደግሞ «የተገነቡ» የምትለው ቃል ትፈተሽ። ለመሐንዲሱ ጉድጓድ ተገነባ ማለት ፓምፑ ተገጥሞ ውሃ ሲወጣ ነው፤ ለሒሳብ ክፍሉ ለሥራ ተቋራጩ የመጨረሻው ክፍያ ሲፈጸም ነው። በእኔ እምነት የሚሻለው አመልካች «የውሃ ጥራቱ ተመርምሮ፣ የውሃ ኮሚቴ ተቋቁሞለት፣ ለኅብረተሰቡ የተላለፈ ተቋም ብዛት» የሚለው ነው፤ የርክክብ ሰነድ ማስረጃው ስለሆነ ማንም ሁለት ጊዜ አይቆጥረውም። የርክክቡም ቀን በድርጅቱ መዝገብ ተቋም በተቋም ይያዝ። ወረዳው የሚዘግበው ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ባለው በጀት ዓመት ነው፤ ብዙ ለጋሾች ደግሞ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር። የወረዳውን የሩብ ዓመት ድምር ወስዶ በለጋሹ ዓመት ውስጥ ለማስገባት የሚሞክር ሰው ያው ተቋም በሁለት ዓመት ሲገባ ወይም ከሁለቱም ሲወጣ ያየዋል። ቀኑ በእያንዳንዱ ተቋም ስም ከተያዘ ግን ለሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ማውጣት ቀላል ነው።

አሁን ያን የ60 እና የ53 ልዩነት ምን እናድርገው? አንዳንዱ ባለሙያ በቅጹ ላይ 53 ጽፎ ዝም ይላል፤ ሌላው 60ን ገልብጦ ችግሩን ለመጨረሻው ሪፖርት ያሳድራል። ሁለቱም ጥሩ አይደሉም። ሎግ ፍሬሙ አብዛኛውን ጊዜ የውሉ አካል ነው፤ ዒላማውን በቅጽ ላይ ብቻ መቀየር ውልን በዝምታ መቀየር ይሆናል። ማድረግ የሚገባው ለለጋሹ የፕሮግራም ኃላፊ ደብዳቤ መጻፍ ነው፤ በደብዳቤው ላይ የ30,000ው ሕዝብ፣ የ24ቱ ተቋማትና የ6,600ው አዲስ ተጠቃሚ ስሌት በግልጽ ይቀመጥ፣ ከዚያ ሁለት አማራጮች ይቅረቡ፦ ወይ ዒላማው ወደ 53 በመቶ ይውረድ፣ ወይ ለቀሪው 2,100 ሰው የሚበቃ 6 ተጨማሪ ምንጭ በጀት ይታከል። መልሱ እስኪመጣ በቅጹ ላይ ውሉ የሚለው 60 ይቆይ፤ በማስታወሻ ዓምዱ ደግሞ የደብዳቤው ቀንና ቁጥር ይጠቀስ። ይህ ሁሉ ከመጀመሪያው ሪፖርት በፊት መሆን አለበት፤ ሪፖርቱ አንዴ ከገባ 60 በመቶው በለጋሹ የመረጃ ቋት ተመዝግቦ ለበላይ አካል ስለሚላክ፣ በሁለተኛው ዓመት ለማረም የሚጠየቀው ማብራሪያ እጅግ ይረዝማል።