«ማህፀን ሊወጣ ይችላል»፦ የቀዶ ጥገና ስምምነት ቅጽን ወደ አማርኛ መመለስ

የስምምነት ቅጽ ሐኪም ቀዶ ጥገና ከመሥራቱ በፊት ምን እንደሚሠራ፣ ለምን እንደሚሠራ፣ ምን ጉዳት ሊከተል እንደሚችልና ሌላ ምን ምርጫ እንዳለ አስረድቶ የታካሚውን ፈቃድ በፊርማ ወይም በአውራ ጣት አሻራ የሚቀበልበት ሰነድ ነው። ቅጹ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ወደ አማርኛ በሚመለስበት ጊዜ ተርጓሚው ለሁለት ጌቶች የሚገዛ ይመስላል፤ ሐኪሙ ከዋናው ቃል ዝንፍ እንዳይል ሲጠይቀው፣ ፊደል ያልቆጠረችው እናት ደግሞ ሲነበብላት የሚገባትን ንግግር ትፈልጋለች። ሁለቱ ግን ሁልጊዜ አይጣሉም። በቀዶ ጥገና ለማዋለድ የሚሞላው ቅጽ እንደሚያሳየው፣ ለመረዳት የሚያስቸግረው ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ልክነትም የጎደለው ነው።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው በቅጹ ከተዘረዘሩት ጉዳቶች ከባዱ፣ ማለትም የማህፀን በቀዶ ጥገና መወገድ ነው። ልጅ ከተወለደ በኋላ ማህፀን ካልተኮማተረ የደም ሥሮቹ ክፍት ሆነው ይቀራሉ፤ ደሙ በመድኃኒትም በስፌትም አልቆም ሲል ሐኪሙ የእናቲቱን ሕይወት ለማትረፍ በመጨረሻ ማህፀኑን ያነሣዋል። ይህ ወደ አማርኛ ሲመለስ ለተርጓሚው ቶሎ የሚመጣለት ሐረግ «ማህፀን ሊወጣ ይችላል» የሚል ሲሆን፣ በሰዋስው ረገድ ምንም እንከን አይገኝበትም። ይሁን እንጂ በአማርኛ «የማህፀን መውጣት» የሌላ ሕመም መጠሪያ ነው፤ ማህፀን ከያዙት ጅማቶች ላልቶ ወደ ታች ሲንሸራተትና በብልት በኩል ብቅ ሲል የሚባለው ይኸው ነው። ስለዚህ ሰሚዋ የተነገራትን ሳይሆን የምታውቀውን ትረዳለች፤ ከጎረቤቶቿ በአንዷ ላይ ደርሶ ያየችው፣ የሚያስቸግር ነገር ግን ዳግመኛ ከመውለድ ሁልጊዜ የማያግድ ሕመም ይታሰባትና፣ ልጅ መውለዷ ለዘለቄታው ሊቀር እንደሚችል ሳታውቅ አሻራዋን ታኖራለች።

ይህ ስሕተት የተለመደውን የትርጉም ፍተሻ ያለ ችግር ያልፋል። ተመላሽ ትርጉም የሚባለውና ሪቻርድ ብሪስሊን እ.ኤ.አ. በ1970 በጻፈው ጥናት ይበልጥ የታወቀው ዘዴ፣ አማርኛው ዋናውን ሰነድ ባላየ ሌላ ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ ከዋናው ጋር እንዲነጻጸር ያደርጋል። ሁለተኛው ተርጓሚ የተማረ በመሆኑና ጽሑፉ ስለ ቀዶ ጥገና መሆኑን በማወቁ፣ «ሊወጣ ይችላል» የሚለውን «በሐኪም ተቆርጦ ሊወገድ ይችላል» ብሎ ይፈታዋል፤ ሁለቱ እንግሊዝኛዎችም ይገጥማሉ። ዘዴው የተዘለለ ዓረፍተ ነገርን ወይም የተዛባ ቁጥርን ለመያዝ ጠቃሚ ቢሆንም፣ የሚፈትነው ወረቀቱን እንጂ ሰሚዋን አይደለም።

የተሻለው ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ይረዝማል፦ «ልጁ ከተወለደ በኋላ ደሙ በመድኃኒትም በስፌትም አልቆም ካለ፣ ሐኪሙ የእርስዎን ሕይወት ለማትረፍ ማህፀንዎን ቆርጦ ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ እርስዎ ልጅ አይፀንሱም፤ የወር አበባም አያዩም።» ማን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚሠራና ምን እንደሚያስከትል ተለይቶ በመነገሩ፣ ጽሑፉ ለሰሚዋ የቀለለውን ያህል ለሐኪሙም ልክ ሆኗል። «እርስዎ» የሚለው ቃል መደጋገሙ ለጌጥ አይደለም፤ የአክብሮቱ ግሥ ከብዙ ቁጥሩ ጋር አንድ ስለሆነ፣ «አይፀንሱም» ብቻውን ሲነበብ ስለ ሌሎች ሴቶች የተነገረ ሊመስል ይችላል።

«ሪስክ» ለሚለው ሐሳብም ቢሆን አማርኛ አንድ ዝግጁ ቃል የለውም። «ስጋት» የሚሰጋውን ሰው ስሜት ይናገራል፤ «አደጋ» ደግሞ የመኪና ግጭትን ወይም የሐኪም ጥፋትን ያስታውሳል። «ውስብስብ ችግር» የሚለው በየቅጹ የሚታይ አጠራር ከቢሮ ውጭ ማንም የማይናገረው በመሆኑ፣ «ሐኪሙ ተጠንቅቆ ሠርቶም ሊደርስ የሚችል ጉዳት» ብሎ መዘርዘሩ ይመረጣል። ሞትንም በስሙ መጥራት ያስፈልጋል። መርዶን በድንገት አለማውራት የቆየ ወግ በመሆኑ ተርጓሚዎች «ለሕይወት አስጊ ሁኔታ» ወደሚል ሽፍን አነጋገር ማዘንበላቸው የሚገርም ባይሆንም፣ ይህ ሐረግ የሚሞት ሰው እንዳለ አይናገርም።

ከቃላቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ብዛትን የሚገልጸው ክፍል ነው። «አልፎ አልፎ ደም ሊፈስ ይችላል» ሲባል ጸሐፊው ያሰበው ከብዙ እናቶች በጥቂቶቹ ላይ እንደሚደርስ ሲሆን፣ ሰሚዋ የምትረዳው ግን በራሷ ላይ ደሙ እየፈሰሰና እያቆመ እንደሚመላለስ ነው። መቶኛም ቢሆን ትምህርት ቤት ላልገባ ሰው ባዶ ድምፅ ነው። የእንግሊዝ የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው የስምምነት ምክር ላይ ኢንፌክሽን ከ100 እናቶች 6፣ የማህፀን መወገድ ከ1000 እናቶች 7 ወይም 8፣ የሽንት ፊኛ ጉዳት ከ1000 እናቶች 1 ተብሎ ተቀምጧል። አንዱ ከመቶ፣ ሌላው ከሺህ በመቆጠሩ፣ ትልቁ ቁጥር ትልቁን ጉዳት ሊመስል ስለሚችል፣ ተርጓሚው ሁሉንም ወደ 1000 አምጥቶ 60፣ 7 ወይም 8፣ 1 ብሎ ማሰለፍ አለበት።

ያም ሆኖ ሺህ ሰው በዓይነ ኅሊና አይያዝም። በሳምንት 20 ያህል እናቶችን በቀዶ ጥገና የሚያዋልድ ሆስፒታል 1000 ለመሙላት አንድ ዓመት ገደማ ስለሚፈጅበት፣ ቁጥሩን ወደ ዘመን መመለስ ይቻላል፦ «በዚህ ዓይነት ሆስፒታል ከሚታከሙት እናቶች ኢንፌክሽን የሚይዛት በሳምንት አንድ ያህል ናት፤ ማህፀኗ የሚወገድባት በዓመት ሰባት ወይም ስምንት፣ ፊኛዋ የሚጎዳባት ደግሞ በዓመት አንዲት ናት።» ስሌቱ ሳይለወጥ የሚታይ ነገር ሆኗል። ቁጥሮቹ ግን የእንግሊዝ ናቸው፤ ተርጓሚው በዝምታ ወደ ኢትዮጵያ ሆስፒታል ሊያሻግራቸው አይገባም፤ የሆስፒታሉን የራሱን መዝገብ መጠየቅ፣ ከታጣም ቁጥሩ ከየት እንደመጣ መናገር ይኖርበታል።

ጽሑፉ እንዲህ ከተስተካከለ በኋላ የሚፈተነው በሰሚዋ አንደበት ነው። «ገባሽ?» ተብላ የተጠየቀች እናት፣ ሐኪምን ማሳፈር ነውር ስለሚመስላት፣ ባይገባትም «አዎ» ትላለች። ነርሷ «እህቴ፣ አሁን ባለቤትሽ ገብቶ ‹ምን አሉሽ?› ቢልሽ ምን ብለሽ ትነግሪዋለሽ?» ብላ ስትጠይቃት ግን መልሱ ከ«አዎ» ያለፈ ይሆናል። ያቺ እናት «ደም ከበዛ ማህፀኔ ወደ ታች ይወርዳል አሉኝ» ብላ ከመለሰች፣ ተመላሽ ትርጉሙ የሳተው ስሕተት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገለጣል። ቅጹን ከሰሙ ዐሥር እናቶች ሦስቱ በዚያው ቦታ ላይ ከተሳሳቱ ጥፋቱ የጽሑፉ ስለሆነ፣ እናቶቹ የተናገሩት ቃል በቃል ተመዝግቦ ለተርጓሚው ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይጠይቃል፤ ምጥ የያዛት እናት ደግሞ ጊዜ የላትም። ሙሉው ቅጽ በእርግዝና ክትትል ወቅት፣ ባለቤቷ ወይም እናቷ ባሉበት ተነብቦ መልሶ ማስረዳቱም ያን ጊዜ ቢጠናቀቅ ይሻላል። ለድንገተኛው ሰዓት የሚቀረው አጭሩ ወረቀት በሁለት ምጥ መካከል የሚነበቡ አራት ዓረፍተ ነገሮች ቢይዝ ይበቃል፦ ለምን አሁን ቀዶ ጥገና እንዳስፈለገ፣ ሳይሠራ ቢቀር እናቲቱና ልጇ ምን እንደሚያገኛቸው፣ ማህፀን ተቆርጦ ሊወገድ እንደሚችል፣ እንዲሁም እምቢ ብትል ሌላው እርዳታ እንደማይቋረጥባት።