ሽንት ባቃጠለ ቁጥር ሲፕሮ

የወር አበባዋ ከቆመ ዓመታት ያለፉ ሴት ሽንቷ ሲያቃጥላት መጀመሪያ የሚሰጠው ፍርድ «ብርድ መትቶሽ ነው» የሚል ነው። ቀጥሎ ፋርማሲ ሄዶ ሲፕሮ መግዛት ይመጣል። ማቃጠሉ ይተዋትና ወር ሳይሞላ ይመለሳል፤ ሲፕሮውም ይደገማል። ሌላ ሊጠየቅ የሚገባው ነገር እንዳለ የሚነግራት ግን ብዙ ጊዜ የለም።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንዲት የ57 ዓመት እናት አሉ እንበል። የወር አበባቸው የቆመው በ50 ዓመታቸው ነው። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ሽንታቸውን ሲጨርሱ ያቃጥላቸዋል፤ ሌሊት ሦስት ጊዜ ይነሳሉ፤ ሽንት ሲመጣባቸው ደግሞ መጸዳጃ ቤት እስኪደርሱ ጊዜ አይሰጣቸውም። ባለፈው ዓመት ብቻ አራት ጊዜ አንቲባዮቲክ ወስደዋል። ከባለቤታቸው ጋር የሚያደርጉት ግንኙነት እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ሕመም ሆኖባቸው ሰበብ ይፈልጋሉ፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገሩም። ሐኪሙ የሚያውቀው የሽንቱን ብቻ ነው። የሽንት ካልቸር ሲታዘዝላቸው ምንም ባክቴሪያ አልበቀለም።

ታዲያ የሚያቃጥለው ምንድን ነው? መልሱ እሳቸው በዝምታ ካለፉት ሕመም ጋር አንድ ነው።

የእንቁላል ዕጢ የሚያመነጨው ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የብልትን ግድግዳ ወፍራም፣ እጥፋት ያለውና እርጥብ አድርጎ ያቆየዋል። የግድግዳው ሴሎች ግላይኮጅን የተባለ ስኳር ያጠራቅማሉ። በዚያ ስኳር የሚኖሩ ላክቶባሲለስ የተባሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሲድ ያመርታሉ፤ አሲዱም ከፊንጢጣ አካባቢ የሚመጡትን ጎጂ ባክቴሪያዎች ያባርራል። ሴት ስታርጥ ኢስትሮጅኑ ይወርዳል። ግድግዳው ይሳሳል፣ ይገረጣል፣ ይደርቃል፤ ስኳሩ ሲጠፋ ላክቶባሲለሶቹ ይመናመናሉ፤ አሲዱም ይቀንሳል። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች በመውለጃ ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ ከ4.5 በታች ሲሆን ከማረጥ በኋላ ከ5 በላይ ይወጣል።

የሽንት መውጫ ቧንቧና የፊኛ ታችኛው ክፍልም በዚሁ ሆርሞን የሚጠበቁ ናቸው። ስለዚህ እነሱም ይሳሳሉ፣ ይቆጣሉ። ያለ አንዳች ኢንፌክሽን ማቃጠልና ቶሎ ቶሎ መሽናት የሚመጣው ከዚህ ነው። አሲዱ የጠበቀው በር ክፍት ስለሚሆን ደግሞ እውነተኛ ኢንፌክሽንም ይደጋገማል። አንዲት ሴት በተለያየ ጊዜ ሁለቱም ሊኖሩባት ይችላሉ፤ በስሜት ብቻ ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ የሚሆነውም ለዚህ ነው። በማረጥ ጊዜ የሚመጣው ወበቅ ከዓመታት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ይበርዳል፤ ይህኛው ግን ካልታከመ እየባሰ ይሄዳል።

ለዚህ ነው አንቲባዮቲኩ ከመጀመሩ በፊት ሽንቱ ለካልቸር መሰጠት ያለበት። ክኒኑ ከተዋጠ በኋላ የሚሰጥ ሽንት ውጤቱን ያዛባል። ሌላም ጥንቃቄ አለ፦ በዕድሜ የገፉ ሴቶች ምንም ሳያማቸው ሽንታቸው ውስጥ ባክቴሪያ ሊገኝ ይችላል፤ ሕመም እስከሌለ ድረስ ያንን በመድኃኒት ማሳደድ አይጠቅምም። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ሕመም ወይም ሽንት ላይ ደም ከታየ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

ሕክምናው ከቀላሉ ይጀምራል። ብልትን በሳሙና፣ በሽቶ ወይም በዲቶል መታጠብ ማቆም፤ ውጪውን በንጹህ ውኃ ማጠብ ይበቃል፣ ውስጡ አይታጠብም። ወይባ ጢስ መግባት የሚወዱ እናቶችም፣ የሳሳና የደረቀ ቆዳ ሙቀትና ጢስ የበለጠ እንደሚያስቆጣው ቢያውቁ እመርጣለሁ። ከዚያ ሁለት ዓይነት ቅባት አለ፤ ሰዎች ያምታቷቸዋል። አንዱ ማለስለሻ ጄል ነው፤ በግንኙነት ሰዓት ብቻ ይቀባል፣ ሥራውም እዚያው ያበቃል። ሌላው ማርጠቢያ ነው፤ ግንኙነት ኖረም አልኖረም በየሁለትና ሦስት ቀኑ ውስጥ ይገባል። ኮንዶም የሚጠቀሙ ሰዎች ዘይትና ቫዝሊን ኮንዶሙን እንደሚያበላሹት ይወቁ።

እነዚህ ድርቀቱን ያስታግሳሉ እንጂ የሳሳውን ግድግዳ አይመልሱም። የሚመልሰው ብልት ውስጥ የሚገባ አነስተኛ ኢስትሮጅን ነው፤ በክሬም ወይም በትንሽ ክኒን መልክ ይሰጣል። አጠቃቀሙ በተለመደው መንገድ ለሁለት ሳምንት በየማታው፣ ከዚያ በሳምንት ሁለት ጊዜ ነው። ሲተኙ የሚደረግ በመሆኑ ለሚጾሙ እናቶችም አይከብድም። ለውጡ በጥቂት ሳምንታት ይጀምራል፤ ሙሉው ግን ሦስት ወር ያህል ሊወስድ ይችላል። ብዙዎች በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብለው ይተዉታል፤ መቸኮሉ ነው የሚጎዳቸው።

ለኢንፌክሽኑም ይሠራል። ራዑል ራዝና ዋልተር ስታም በ1993 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ኢንፌክሽን የሚደጋገምባቸውን 93 ያረጡ ሴቶች ተከታትሎ ነበር። የኢስትሮጅን ክሬም የተጠቀሙት በዓመት በአማካይ ግማሽ ጊዜ ብቻ ሲታመሙ፣ ባዶ ክሬም የተሰጣቸው ግን ስድስት ጊዜ ያህል ታመሙ። ላክቶባሲለሶቹ ተመልሰው አሲዱም ተመልሶ ነበር።

«ሆርሞን ካንሰር ያመጣል» የሚለው ፍርሃት ብዙ ሴቶችን ከዚህ መድኃኒት ያርቃል። ፍርሃቱ የተስፋፋው በዋናነት በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ይፋ ከሆነ ትልቅ ጥናት ነው፤ እዚያ የተጠናው ግን በየቀኑ የሚዋጥ ሆርሞን ነበር። ልዩነቱን ሒሳቡ ያሳያል። ክኒኑ 10 ማይክሮግራም ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት 14 ክኒን፣ ቀሪዎቹ 50 ሳምንታት 100 ክኒን፤ የዓመቱ ድምር 1.14 ሚሊግራም ይሆናል። ይህ ለወበቅ በየቀኑ ከሚዋጠው የ1 ሚሊግራም ክኒን አንዱን ያህል ነው። ወደ ደም የሚገባውም እጅግ ጥቂት ነው። ብሪታንያ በ2022 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ክኒን ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ጀምሮ ላሉና የወር አበባቸው ከቆመ ቢያንስ ዓመት ለሆናቸው ሴቶች ያለ ሐኪም ማዘዣ ከፋርማሲ እንዲገዙ ፈቅዳለች።

የጡት ካንሰር የነበረባት ሴት ግን ከማርጠቢያና ከማለስለሻ ትጀምር፤ ኢስትሮጅን የምታስበው ከካንሰር ሐኪሟ ጋር ተመካክራ ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈሳት ሴትም መጀመሪያ ትመርመር። ከማረጥ በኋላ የሚታይ ደም፣ አንዲት ጠብታም ብትሆን፣ «ድርቀቱ ነው» ተብሎ አይታለፍም፤ የማህፀን ወይም የማህፀን በር ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል። ብልትን «ያድሳል» እየተባለ የሚሸጠውን ሌዘር በተመለከተ ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2018 እ.ኤ.አ. ለዚህ ዓላማ ያልጸደቀና ቃጠሎና ጠባሳ ሊያስከትል የሚችል መሆኑን አስጠንቅቋል።

ወደ ምሳሌያችን እናት እንመለስ። ካልቸሩ ንጹህ ሆኖ ሲመጣ የማህፀን ሐኪሟ፣ «እናቴ፣ ሌላ ቦታስ ይደርቅብዎታል? ግንኙነት ላይ ያምዎታል?» ስትላቸው ነው የቀረው የወጣው። ክሬሙ ተጀመረላቸው። በወሩ ማቃጠሉ ቀለለ፤ በሦስተኛው ወር ሌሊት የሚነሱት አንድ ጊዜ ሆነ። ሽንት መቸኮሉ ግን ሙሉ በሙሉ አልተዋቸውም፤ ለእሱ የዳሌ ወለል ጡንቻ እንቅስቃሴና የስኳር ምርመራ ታዘዘላቸው። ተሽሏቸው ክሬሙን ቢያቆሙ ድርቀቱ ቀስ በቀስ ይመለሳል፤ ሕክምናው እስከጠቀመ ድረስ በሐኪም ክትትል ለዓመታት ይቀጥላል።