ከምሳ በፊት የሚሠራ የክረምት ሥራ

ትምህርት ሲዘጋ ብዙ ተማሪዎች ቀድሞ ትዝ የሚላቸው በቆሎ ጥብስ ነው። ከሰል፣ ምድጃና ጥቂት እሸት ካለ ሥራው ተጀመረ። ችግሩ ሰዓቱ ነው፤ በቆሎ የሚሸጠው ሰው ከሥራ ሲመለስ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። ቤተሰብ "ሳይመሽ ግቢ" የሚለውም ያኔ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። 18 ያልሞላውን ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት አይፈቀድም። ይሁን እንጂ ወላጅ ከሕጉ ይብሳል። ጠዋት ብቻ፣ ያውም ከሰፈር ሳይወጡ የሚል ፈቃድ ላገኘ ተማሪ፣ በእኔ ግምት ከማስጠናት የሚሻል ሥራ የለም።

አሥረኛ ክፍልን የጨረሰች አንዲት ልጅ እናስብ። እናቷ የፈቀዱላት ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከ3 እስከ 5 ሰዓት፣ በራሳቸው ሳሎን፣ በሩ ተከፍቶ፣ አዋቂ ቤት ባለበት ነው። ጎረቤቶችን የምታነጋግረው ከእናቷ ጋር ሆና ነው፤ ዋጋው በትልቅ ሰው ፊት ሲነገር በኋላ "መቼ ተባባልን?" አይመጣም። አራት ልጆች አገኘች እንበል፤ ሁሉም ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ያለፉ። አንደኛና ስድስተኛ ክፍል አንድ ላይ ከተቀመጡ አንዱ ሲማር ሌላው ይረብሻል።

የመጀመሪያው ቀን ለፈተና ይዋል። ከሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ አንድ አንቀጽ ድምፅ አውጥተው ያንብቡ፤ ጥቂት የማባዛትና የማካፈል ጥያቄም ይሥሩ። ማካፈል የሚያቅተው ልጅ ብዙውን ጊዜ የማባዛት ሠንጠረዡን አያውቅም፤ እዚያ ካልተመለሱ ክረምቱ በከንቱ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ግማሹ ሰዓት ለንባብ፣ ግማሹ ለሒሳብ ይበቃል።

ከእያንዳንዱ ልጅ በወር 500 ብር ቢከፈል 2,000 ብር ይሆናል። ለፎቶ ኮፒና ለእርሳስ 200 ብር ቢወጣ 1,800 ይተርፋል። ዋጋው እንደ ሰፈሩ ስለሚለያይ አካባቢው ምን እንደሚከፍል መጠየቅ ያስፈልጋል። ክፍያው ወሩ ሲጀምር ይሁን። ወር መጨረሻ ከተባለ በመሀል ሁለት ልጅ ወደ አያቶቹ አገር ይሄዳል፤ ሒሳቡም አብሮ ይሄዳል።

ነሐሴ ሲጋመስ የሚመጣው ልጅ እየሳሳ፣ ወላጁም በዩኒፎርምና በደብተር ወጪ እየተወጠረ ይሄዳል። ያኔ እዚያው ሳሎን ደብተር መሸፈን ይቻላል። ሽፋኑን ወላጅ ካመጣ መቀስና ፕላስተር ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ሒሳቡም በደብተር ቁጥር ነው።